በግና ፍየልን ለገበያ ከጎን ከተነሣ ፎቶግራፍ መመዘን፦ የእግር አቋቋም፣ የጀርባ መስመርና የጸጉር ሁኔታ

በዓላት ሲቃረቡ በርካታ ገዢዎች በጉን ወይም ፍየሉን በዓይናቸው ከማየታቸው በፊት በቴሌግራም የተላከላቸውን ፎቶግራፍ ያያሉ። በውጭ አገር ሆነው ለቤተሰቦቻቸው በግ የሚያስገዙ ወገኖች ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከፎቶግራፉ በቀር የሚያዩት ነገር የለም። ቀብድ የሚከፈለው፣ አንዳንድ ጊዜም ሙሉ ዋጋው የሚላከው በዚሁ ምስል ላይ ተመሥርቶ ነው። ከዚህ በታች የቀረበው ማብራሪያ ከጎን በተነሣ ፎቶግራፍ ላይ ምን ማንበብ እንደሚቻልና ፎቶግራፉ የቱ ላይ ዝም እንደሚል ያሳያል።

ከሁሉ አስቀድሞ ሊታወቅ የሚገባው ጉዳይ ፎቶግራፍ መጥፎውን እንስሳ ለመለየት የሚያገለግል እንጂ ጥሩውን ለማረጋገጥ የማይበቃ መሆኑ ነው። በምስሉ ላይ የሚታይ ጉድለት አብዛኛውን ጊዜ እውነተኛ ጉድለት ነው፤ በምስሉ ላይ ጉድለት አለመታየቱ ግን ጉድለት የለም ማለት አይደለም። ገዢዎች የሚመለከቷቸው ሦስቱ ምልክቶችም፣ ማለትም የጀርባ መስመር፣ የእግር አቋቋምና የጸጉር ሁኔታ፣ እኩል እምነት የሚጣልባቸው አይደሉም። እግርን ማስመሰል አስቸጋሪ በመሆኑ ከሦስቱ የበለጠ ይታመናል። የጀርባ መስመር ጸጉሩ አጭር በሆነ እንስሳ ላይ በግልጽ ይነበባል፣ ሱፍ በለበሰ በግ ላይ ግን ይሸፈናል። ጸጉር ደግሞ በአንድ ምሽት በውኃና በማበጠሪያ ሊለወጥ የሚችል ነው። ገዢዎች በተለምዶ ዓይናቸውን የሚጥሉት ጀርባና ግዝፈት ላይ ቢሆንም፣ ንባቡን ከእግር መጀመር የሚመረጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ፎቶግራፉ ራሱ ለፍርድ የሚበቃ መሆኑን ማረጋገጥ

እንስሳው ከመመዘኑ በፊት ምስሉ መመዘን አለበት። ለፍርድ የሚበቃ ምስል የሚነሣው እንስሳው ደረቅና ሜዳ በሆነ መሬት ላይ ቆሞ፣ አንሺው ከእንስሳው ጎን ትክክል ሦስት ወይም አራት እርምጃ ርቆና በርከክ ብሎ፣ ስልኩን ከእንስሳው ሆድ ቁመት ጋር አስተካክሎ ሲይዝ ነው። ሰው ቆሞ ከላይ ወደ ታች ሲያነሣ እግሮች አጥረው፣ ጀርባና ሆድ ሰፍተው ይታያሉ። በዚህ መንገድ የተነሣ ምስል በቀላሉ ይታወቃል፤ የጀርባው መስመር እንደ መስመር መታየቱ ቀርቶ የጀርባው ስፋት ይታያል። ስልኩ እጅግ ሲቀርብ ደግሞ ወደ ስልኩ የዞረው የአካል ክፍል ያለ ልክ ይገዝፋል። ፊቱን ወደ አንሺው ያዞረ በግ ደረቱ እንደ ወይፈን ደረት ሰፍቶ፣ ዳሌው ግን ጠብቦ የሚታየው ለዚህ ነው።

መሬቱም ይመረመራል። ሣር፣ ጭድ ወይም ጭቃ ሰኮናን ይሸፍናል፤ ሰኮናው ካልታየ ስለ እግሩ ፍርድ መስጠት አይቻልም። ተዳፋት ላይ የቆመ እንስሳ የጀርባው መስመር እንደ አቋቋሙ ይለወጣል።

ከዚህ ቀጥሎ የያዡ እጅ የት እንዳለ ይታያል። አንገቱን ወደ ላይ ከፍ አድርጎ የያዘ ሰው የእንስሳውን ጀርባ ቀጥ ያደርገዋል፤ አንዱን የኋላ እግር ወደ ኋላ የጎተተ እንደሆነም ዳሌው ዝቅ ብሎ ከጀርባው ጋር የተስተካከለ ይመስላል። ከመንጋጋ ሥር የተቀመጠ እጅ ደግሞ ሌላ ትርጉም ሊኖረው ይችላል። በትል ወይም በጉበት ትል የተነሣ ደሙ ያነሰ በግ ከመንጋጋው ሥር ውኃ የቋጠረ የሚመስል ለስላሳ እብጠት ያወጣል። ይህ እብጠት ከጎን በተነሣ ፎቶግራፍ በግልጽ የሚታይ በመሆኑ እጅ፣ ገመድ ወይም የተንዠረገገ ጸጉር የሸፈነው ከሆነ ሌላ ምስል መጠየቅ ተገቢ ነው። የጉበት ትል ረግረጋማ በሆኑ የደጋ ግጦሾች የሚገኝ በመሆኑ ከእነዚህ ቦታዎች ለሚመጡ በጎች ይህ ጥያቄ በተለይ ይመከራል።

ምስሉ ከየትኛው ጎን እንደተነሣም ልዩነት አለው። የአመንዣጊ እንስሳት ትልቁ ጨጓራ በግራ በኩል ነው። ከመጨረሻው ጎድን በስተኋላ፣ ከሽንጡ በታች ያለው ጎድጎድ ያለ ቦታ በግራ በኩል ሲታይ እንስሳው መብላት አለመብላቱን ይናገራል። በጣም የጎደጎደ ከሆነ እንስሳው አልበላም፤ ወደ ውጭ ካበጠ ደግሞ ወይ ተነፍቷል ወይም ለሽያጭ ተብሎ ጨው በልቶ ብዙ ውኃ ጠጥቷል። በውኃ የተነፋ ሆድ ዋጋ ይጨምራል እንጂ ሥጋ አይጨምርም። ስለዚህ ከቀኝም ከግራም የተነሡ ሁለት ምስሎችን መጠየቅ ይመከራል።

የእግር አቋቋም

የፊት እግር ከጎን ሲታይ ከክርኑ እስከ ሰኮናው ቀጥ ብሎ የሚወርድ፣ የእንስሳውን የፊት ክብደት እንደ ምሰሶ የሚሸከም መሆን አለበት። ጉልበቱ ወደ ፊት የተቆለመመ ወይም ወደ ኋላ የተለመጠ ከሆነ ክብደቱ በአጥንት ሳይሆን በጅማት ላይ ያርፋል።

የኋላ እግር ንባብ ትንሽ ልምድ ይጠይቃል። በምስሉ ላይ ከመቀመጫው አጥንት ጫፍ ወደ መሬት ቀጥ ያለ መስመር በዓይነ ኅሊና ይወርዳል፤ የስልኩን ገጽ በክር ወይም በወረቀት ጠርዝ መለካትም ይቻላል። መስመሩ ወደ ኋላ ሾጠጥ ብሎ የሚታየውን የእግር መታጠፊያ ጀርባ ነክቶ፣ ከመታጠፊያው በታች ካለው አጥንት ጋር ጎን ለጎን ወርዶ፣ ከሰኮናው ትንሽ ወደ ኋላ መሬት ይነካል። ሰኮናው ከዚህ መስመር ርቆ ወደ ሆዱ ሥር የገባ ከሆነ እግሩ እንደ ማጭድ የታጠፈ ነው። መታጠፊያው ጨርሶ ሳይታጠፍ እግሩ እንደ እንጨት ቀጥ ብሎ የቆመ ከሆነም ሌላ ጉድለት ነው። ከሰኮናው በላይ ያለችው አጭር አጥንት በመጠኑ ዘንበል ማለት ይገባታል፤ በጣም ተኝታ ከኋላ ያሉት ትንንሽ ሰኮናዎች መሬት ለመንካት ከቀረቡ ጅማቱ ደክሟል።

እነዚህ የአቋቋም ጉድለቶች የሚያስጨንቁት ለማን እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል። ለእርባታ አውራ ወይም እናት የሚገዛ ሰው ማጭድ መሰል እግር ያለውን እንስሳ መተው ይኖርበታል፤ ጉድለቱ ወደ ግልገሎች ሊተላለፍ ይችላል፣ እንስሳውም በተዳፋት ግጦሽ ላይ ረጅም ጊዜ አያገለግልም። በሳምንቱ ለሚታረድ ሙክት ግን ይኸው ጉድለት ሥጋውን አይቀንሰውም፤ ለገዢው በድርድር ጊዜ ዋጋ ለማስቀነስ የሚረዳ ነጥብ ከመሆን ያለፈ ትርጉም የለውም።

ለእርድ የሚገዛ ሰው ሊፈራው የሚገባው ከተፈጥሮ የመጣ ጉድለትን ሳይሆን ሕመምን ነው። ሕመም በፎቶግራፍ ላይ በክብደት አጣጣል ይታወቃል። ጤነኛ በግ አራቱንም እግሮቹን እኩል ይረግጣል። አንዱ ሰኮና በጫፉ ብቻ መሬት የነካ ከሆነ፣ ወይም አንዱ ጉልበት ሌሎቹ ሳይታጠፉ ለብቻው ከታጠፈ፣ በሰኮና መበስበስ፣ በእሾህ፣ በጉዳት ወይም በአፍና እግር በሽታ ምክንያት ሊሆን ይችላል። በበግ ላይ የአፍና እግር በሽታ ብዙ ጊዜ ጎልቶ የሚታየው በማነከስ ነው። የፊት ጉልበቶች ጸጉር ተላልጦ ቆዳው ከጠነከረ እንስሳው ለረጅም ጊዜ ተንበርክኮ ሲግጥ እንደቆየ ያመለክታል፤ ይኸውም የሰኮና ሕመም የቆየ ምልክት ነው። አራቱም እግሮች ከሆድ ሥር ተሰብስበው ጀርባው ከጎበጠ ደግሞ ሕመሙ ከእግር ይልቅ በሆድ ውስጥ ሊሆን ይችላል።

በሌላ በኩል የረዘመ ሰኮና ብቻውን የበሽታ ምልክት አይደለም። ታስሮ የደለበ ሙክት ስለማይንቀሳቀስ ሰኮናው አይበላም፣ ይረዝማል። ይህን አይቶ ጥሩ ሙክት የሚጥል ገዢ ጥቂት አይደለም።

ለአረፋ መሥዋዕት የሚገዙ ምእመናን በዚህ ክፍል ላይ ይበልጥ መጠንቀቅ ይኖርባቸዋል። በግልጽ የሚያነክስ፣ በግልጽ የታመመ ወይም እጅግ የከሳ እንስሳ ለኡድሒያ ስለማይበቃ፣ ከክፍያ በኋላ የሚደረስበት ማነከስ ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን የታሰበለትን ዓላማም ያሳጣል።

የጀርባ መስመር

የጀርባ መስመር ከትከሻ ተነሥቶ በሽንጥ በኩል አልፎ እስከ ዳሌ የሚደርሰው የላይኛው ጠርዝ ነው። በጎ የሚባለው ጀርባ ከትከሻ እስከ ዳሌ ከሞላ ጎደል ቀጥ ያለ ነው፤ ከትከሻው በስተኋላ ጥቂት ረገብ ማለት የተለመደ ነው። በመካከሉ የተሰረጎደ ጀርባ በዕድሜ የገፋች እናት በግ ወይም ደካማ አቋም ያለው እንስሳ ሊሆን ይችላል። የጎበጠ ጀርባ ግን ከእግሮቹ ጋር ተዳምሮ ነው የሚነበበው። እግሮቹ ተዘርግተው ጀርባው ብቻ ጎበጥ ካለ የተፈጥሮ አቋም ሊሆን ይችላል፤ እግሮቹም ከተሰበሰቡ ብርድ ወይም ሕመም አለ።

በምስሉ ላይ የአከርካሪው አጥንቶች እንደ መጋዝ ጥርስ ተራ በተራ የሚታዩ ከሆነ እንስሳው ከስቷል። ይህ ምልክት የሚሠራው ግን ጸጉራቸው አጭር በሆኑ በጎች ላይ ነው። የጎጃሙ ዋሸራ፣ የወለጋው ሆሮ፣ የቦንጋ በግና ጥቁር ራሱ የሶማሌ በግ አጭር ጸጉር ስላላቸው ጀርባቸው ያለውን ሁሉ ያሳያል። የመንዝ በግ ግን ሸካራ ሱፍ ይለብሳል። ሱፉ በአከርካሪው ላይ ያሉትን ጉድጓዶች ሞልቶ የከሳውን በግ ጀርባ እንደ ጠረጴዛ የተስተካከለ ያስመስለዋል። በመንዝ በግ ላይ የጀርባ መስመርን ከፎቶግራፍ አንብቦ ስለ ሥጋ መናገር የማይታመን በመሆኑ ገዢው ይህን ምልክት ለጊዜው ወደ ጎን ማድረግ ይኖርበታል።

ሱፍ የማይሸፍነው ሌላ ምስክር አለ፤ እርሱም ላት ነው። ላታም በጎች በጥጋብ ጊዜ ስቡን በላታቸው ያከማቻሉ፣ በችግር ጊዜም ከዚያው ይወስዳሉ። የተወጠረና ሞላ ያለ ላት በጉ ከሰሞኑ በቂ መኖ ማግኘቱን ያሳያል፤ ባዶ እንደሆነ ከረጢት የተንጠለጠለና የተሸበሸበ ላት ደግሞ በጉ የነበረውን ስብ እንደ ጨረሰ ይናገራል። መጠኑ በዝርያው የሚወሰን በመሆኑ የመንዝ በግን አጭር ላት ከቦንጋ በግ ረጅም ላት ጋር በማወዳደር ፍርድ አይሰጥም። የሚታየው ሙላቱ እንጂ ርዝመቱ አይደለም።

የፍየል ጀርባ በበግ ሚዛን አይመዘንም። ፍየል ስቡን የሚያከማቸው በአብዛኛው በሆድ ዕቃው ዙሪያ እንጂ ከቆዳው ሥር ባለመሆኑ፣ በጥሩ ሁኔታ ላይ ያለ ፍየል እንኳ የዳሌው አጥንት ሾጠጥ ብሎ ይታያል፤ ከዳሌው ወደ ጅራቱም ተዳፋት ይኖረዋል። ይህን እንደ ክሳት የሚቆጥር ገዢ ደህና ፍየል ያልፈዋል። በፍየል ላይ የሚፈለገው የታፋው ሙላትና የሽንጡ ርዝመት ነው።

የጸጉር ሁኔታ

ጤነኛ የሆነ አጭር ጸጉር ያለው እንስሳ ጸጉሩ ወደ አንድ አቅጣጫ ተኝቶ ብርሃን ሲያርፍበት ያበራል። ጸጉሩ የቆመ፣ የደረቀና የደበዘዘ ከሆነ ከውስጥ ትል፣ ከምግብ እጥረት ወይም ከሕመም ጋር ይያያዛል። ይሁንና በደጋ ማለዳ ብርድ ጤነኛውም እንስሳ ጸጉሩን ያቆማል። ፎቶግራፉ በስንት ሰዓት እንደተነሣ የጥላው ርዝመት ይናገራል፤ ረጅም ጥላ ያለበት ምስል በማለዳ ወይም በምሽት የተነሣ ነው፤ ስለዚህ በእኩለ ቀን የተነሣ ሌላ ምስል ይጠየቃል።

ሱፍ በለበሰ በግ ላይ የሚፈለገው ንጽሕና ሳይሆን አንድ ወጥነት ነው። ከሱፉ መካከል ተነቅለው የተንጠለጠሉ ቁንጮዎች ከታዩ በጉ ራሱን ሲያክ፣ ሲነክስ ወይም ከግድግዳ ጋር ሲታሸት ቆይቷል፤ መንሥኤውም እከክ፣ ቅማል ወይም ሌላ የቆዳ ተባይ ነው። በሱፍ ላይ የሚወጣው የእከክ ዓይነት በጀርባና በጎን ሲጀምር፣ ሌላው ዓይነት ደግሞ ሱፍ በሌለበት በፊት፣ በጆሮና በእግር ላይ ይወጣል። በፍየል ላይም ከራስ የሚጀምረው ይኸው ነው። ስለዚህ የጎን ምስል ብቻውን ስለማይበቃ ፊትና ጆሮ ቀረብ ተደርገው መታየት አለባቸው። ቆዳውን ለመሸጥ ላሰበ ሰው ይህ ተጨማሪ ጉዳይ አለው፤ የቆዳ ነጋዴዎችና ፋብሪካዎች በተባይ የተጎዳውን ሌጦ እከክ ያለበት ብለው ዋጋውን ዝቅ ያደርጋሉ።

በአንገት ዙሪያ ጸጉር የተላለጠበት ጠባብ ቀለበት የገመድ ምልክት እንጂ በሽታ አይደለም። በመቀመጫና በታፋ ጀርባ ላይ የደረቀ ፋንድያ የተቀመጠ መሰለ ግን ተቅማጥ ነበረ ማለት ነው። ተቅማጥ ከዓይንና ከአፍንጫ ፈሳሽ ጋር ከታየ ደስታ መሰል በሽታ የሚያጠራጥር በመሆኑ እንስሳው ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት በእንስሳት ጤና ባለሙያ መታየት አለበት። በሽታው ወደ ሰው ባይተላለፍም በግቢ ውስጥ ላሉ ሌሎች በጎችና ፍየሎች አደገኛ ነው።

የበግና የፍየል ፈንጣጣ እብጠቶች በአብዛኛው ጸጉር በሌለባቸው በፊት፣ በጅራት ሥርና በታፋ ውስጥ ስለሚወጡ ከጎን የተነሣ ምስል ላያሳያቸው ይችላል። ጥርጣሬ ያለው ገዢ ጅራቱ ተነሥቶ ከኋላ የተነሣ ምስል ቢጠይቅ ነውር የለበትም፤ ሻጮችም ለምደውታል።

በምሳሌ የተብራራ ንባብ

አዲስ አበባ የሚኖር አንድ ገዢ ለፋሲካ ሦስት ምስሎች ቀረቡለት እንበል። የመጀመሪያው የመንዝ ሙክት ነው፤ ከሦስቱም ይገዝፋል፣ ጀርባው የተስተካከለ፣ ሆዱ የሞላ ነው። ሁለተኛው ቡላማ፣ ጸጉሩ አጭር የሆነ የጎጃም በግ ሲሆን ከመጀመሪያው አንሶ ይታያል፤ የመጨረሻዎቹ ጎድኖቹም በስሱ ይታያሉ። ሦስተኛው ጀርባው የጎበጠ፣ የዳሌው አጥንት የወጣ፣ ጸጉሩ የቆመ ፍየል ነው። ከሩቅ ለሚያይ ምርጫው ግልጽ ይመስላል፤ ትልቁ ይገዛል፣ ፍየሉ ይቀራል።

ንባቡ ከእግር ሲጀመር ግን ሁኔታው ይለወጣል። ሙክቱ ሣር ውስጥ ስለቆመ ሰኮናው አይታይም፤ ስለ እግሩ የሚነገር ነገር የለም። የጀርባው መስተካከል በሱፍ ምክንያት ምስክር አይሆንም። ግዝፈቱም እንዲሁ፤ ሱፍ ከላይና ከታች ሲጨመር በጉን ያተልቀዋል። በምስሉ ላይ ሊታመን የሚችለው ላቱ ብቻ ሲሆን፣ እርሱም ተንጠልጥሎ ተሸብሽቧል። የሆድ ሙላትና የላት ባዶነት አብረው ሲታዩ ሆዱን የሞላው ትናንት የተበላ መኖ ወይም ውኃ እንጂ የሳምንታት ድለባ አይደለም ብሎ መጠርጠር ይገባል። ያዡ ከመንጋጋው ሥር እጁን ስለ አኖረም ገዢው በጉ ባዶ መሬት ላይ ቆሞና አገጩ ተለቅቆ እንደገና እንዲነሣ ይጠይቃል። በአዲሱ ምስል ከመንጋጋው ሥር የእንቁላል ያህል እብጠት ከታየ፣ ውሳኔው አብቅቷል፤ ይህ በግ በዋጋ ቅናሽም ቢሆን አይገዛም።

ሁለተኛው በግ በደረቅ መሬት ላይ ቆሟል። የፊት እግሮቹ ቀጥ ያሉ ናቸው፤ ከመቀመጫው አጥንት የወረደው መስመር በእግሩ መታጠፊያ ጀርባ በኩል በትክክል ያልፋል። ሰኮናው ረዘም ብሏል፣ አንገቱም ላይ ጸጉር የተላለጠበት ቀለበት አለ፤ ሁለቱ ተደምረው በጉ ታስሮ መደለቡን ይናገራሉ። የመጨረሻዎቹ ጎድኖች በስሱ መታየት በአጭር ጸጉር ላይ የሚጠበቅ ነው፤ ላቱ የተወጠረ፣ ጸጉሩም ያበራል። ትንሽ የመሰለው ሱፍ ስለሌለው ነው። ይህ በግ ለቀጣዩ ምርመራ ያልፋል።

ፍየሉ ላይ የዳሌው አጥንት ከቁጥር አይገባም፣ የፍየል ተፈጥሮ ነውና። እግሮቹ ተሰብስበዋል፣ ጸጉሩ ቆሟል፣ ጅራቱም ተጣብቋል፤ ጤነኛና ንቁ ፍየል ግን ጅራቱን ቀና ያደርጋል። ሦስት ምልክቶች ወደ አንድ አቅጣጫ ሲያመለክቱ በቀላሉ አይታለፉም። ነገር ግን በምስሉ ላይ ያለው ጥላ በጣም ረጅም ነው። ገዢው በእኩለ ቀን የተነሣ ምስል ይጠይቃል። ፍየሉ በዚያኛው ምስል እግሮቹን ዘርግቶ፣ ጸጉሩ ተኝቶና ጅራቱን አቅንቶ ከታየ፣ ቀድሞ የታየው የማለዳ ብርድ ነበር፤ ፍየሉም ወደ ምርጫው ይመለሳል። ካልተለወጠ ግን ሕመም ነው።

ከፎቶግራፍ በኋላ የሚቀረው ምርመራ

በፎቶግራፍ ያለፈ እንስሳ ሲራመድ መታየት አለበት። በደረቅ መሬት ላይ ዐሥር እርምጃ ያህል ሲሄድ ከጎን የተቀረጸ አጭር ቪዲዮ ይበቃል። የፊት እግሩን የሚያመው እንስሳ የታመመው እግር መሬት ሲነካ ራሱን ወደ ላይ ያነሣል፤ ይህ ቆሞ በተነሣ ምስል ፈጽሞ አይታይም።

ስለ ሥጋው የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው እጅ ነው። ከመጨረሻው ጎድን በስተኋላ፣ በሽንጡ ላይ መዳፍ ይቀመጥና የአከርካሪው ጫፍና በጎን የሚወጡት አጥንቶች ይዳሰሳሉ። ባለሙያዎች ይህን ከ1 እስከ 5 በሆነ ነጥብ ይመዝኑታል። አጥንቶቹ ስል ሆነው ጣት በሥራቸው በቀላሉ የሚገባ ከሆነ 1 ነው፤ ክብ ሆነው በመጠነኛ ግፊት የሚገኙ ከሆነ 3 ነው፤ በግፊትም የማይገኙ ከሆነ 5 ነው። በመንዝ በግ ላይ ጣቶች ሱፉን ከፍለው ቆዳውን መንካት አለባቸው። በፍየል ላይ ከሽንጡ በተጨማሪ በፊት እግሮቹ መካከል ያለው ፍሪምባ ይዳሰሳል። ገዢው ራሱ መሄድ ካልቻለ ይህን የሚያደርግለት የሚያምነው ሰው መላክ ይኖርበታል፤ ለዚህ ሥራ ዘመድም ቢሆን የበግ ጀርባ ዳስሶ የሚያውቅ መሆን አለበት።

ዕድሜም ከጎን ምስል አይታወቅም። የታችኛው ከንፈር ተገልጦ የተነሣ የጥርስ ምስል መጠየቅ ይቻላል። ሁሉም ጥርሶች ትንንሽ ከሆኑ እንስሳው በአብዛኛው ከአንድ ዓመት ገደማ በታች ነው፤ በመካከል ሁለት ሰፋፊ ጥርሶች ከበቀሉ አንድ ዓመት አልፎታል።

እንስሳውን ለመሸጥ የሚያነሡ አርቢዎችም ይህንኑ ንባብ ከገበያቸው ጋር ማገናኘት ይኖርባቸዋል። የበዓል ገዢ የሞላ ላትና የሰባ ሙክት ይፈልጋል። በሞጆና በቢሾፍቱ አካባቢ ለሚገኙ የወጪ ንግድ ቄራዎች የሚያቀርቡ ነጋዴዎች ግን ስብ የሌለባቸውን፣ በተለይም ከቆላ የሚመጡ ወጣት ወንድ በጎችንና ወጠጤዎችን ይመርጣሉ። ለአንዱ ገበያ የሚያስመርጥ ምስል ለሌላው የሚያስጥል ሊሆን ስለሚችል ምስሉ ሲላክ የእንስሳው ዝርያ፣ ዕድሜ፣ የተኮላሸ መሆኑና ምስሉ የተነሣበት ቀን አብሮ ቢጻፍ ሁለቱም ወገኖች ከከንቱ ጉዞ ይድናሉ።

ቀብድ የሚከፈለው ከሁለቱም ጎን የተነሡ ምስሎች፣ ቪዲዮውና የጥርሱ ምስል ከታዩ በኋላ መሆን አለበት፤ ቀሪው ክፍያ ደግሞ ሽንጡ ከተዳሰሰ በኋላ ነው። ሲቀበሉም የመጣው እንስሳ በምስሉ ላይ የታየው መሆኑን በቀለሙ፣ በቀንዱ ቅርጽና በጆሮው ምልክት ማመሳከር ያስፈልጋል። በምስልም ሆነ በአካል የበሽታ ምልክት የታየበት እንስሳ ከሌሎች ተለይቶ እንዲቆይ ማድረግና በቀበሌው ወይም በወረዳው ላለው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ማሳወቅ ይገባል፤ ባለሙያው የሚጠይቀው የመጀመሪያ ነገር እንስሳው ከየት እንደመጣ በመሆኑ የሻጩን ስልክና የግዢውን ቦታ መዝግቦ መያዝ ይጠቅማል።